ዕቃውን ከሚዘረዝር አርእስት ወደ ገዢው ጥቅም፦ የአንድ እህል ከረጢት ባነር እንደገና ሲጻፍ

በጅማ ሒርማታ መርካቶ አካባቢ የእርሻ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ በር ላይ እንዲህ የሚል ባነር ተሰቅሏል እንበል፦

«ባለ ሦስት ሽፋን፣ አየር የማያስገባ፣ 100 ኪሎ የሚይዝ፣ ጥራቱን የጠበቀ ዘመናዊ የእህል ማከማቻ ከረጢት»

የሚሸጠው ብዙዎች ፒክስ ከረጢት የሚሉት ነው። ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው፣ ከውጭ ደግሞ የተለመደው ማዳበሪያ ይሸፍናቸዋል። አርእስቱ ሐሰት አልተናገረም። ችግሩ የሚያነበው ሰው ስለ ራሱ አንድም ነገር የማያገኝበት መሆኑ ነው። ከቀርሳ ወይም ከዴዶ ለገበያ የመጣ ገበሬ በዚያ በር ሲያልፍ ለንባብ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው። በአማርኛ ደግሞ ገላጩ ሁሉ ከስሙ ፊት ስለሚሰለፍ፣ ሰውየው የሚሸጠው ከረጢት መሆኑን የሚያውቀው ገላጮቹን ሁሉ አልፎ መጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ ነው። አብዛኛው አላፊ እዚያ አይደርስም።

ይህን አርእስት አፍርሰን እንደገና እንሥራው። አካሄዱ ለበራሪ ወረቀትም፣ ለቴሌግራም ማስታወቂያም፣ ለሬዲዮ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርም ያው ነው።

መገለጫዎቹን ለያይቶ መጻፍ

ወረቀት ይውሰዱና አርእስቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በየራሱ መስመር ይጻፉ። ባለ ሦስት ሽፋን። አየር የማያስገባ። 100 ኪሎ የሚይዝ። ጥራቱን የጠበቀ። ዘመናዊ።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አሁኑኑ ይሰርዟቸው። «ጥራቱን የጠበቀ» እና «ዘመናዊ» የዕቃው መገለጫም የገዢው ጥቅምም አይደሉም፤ ሻጩ ለራሱ የሰጠው ምስጋና ናቸው። ቀለም ሻጩም፣ ጫማ ሻጩም፣ ሚስማር ሻጩም ይጽፏቸዋል፤ ስለዚህ ማንም አያነባቸውም። ባለ ሱቁ መሰረዛቸውን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። ቅር ይበለው፤ ባነሩ ሲሰቀል ይረሳዋል።

የቀሩት ሦስቱ እውነተኛ መገለጫዎች ናቸው። በኋላ ስለሚያስፈልጉን አንጥላቸውም፤ ቦታቸው ግን ይለወጣል።

እያንዳንዱን መገለጫ ወደ ገዢው ቤት መከተል

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው በገዢው አፍ ይጠይቁ። መልሱን ይጻፉ፤ መልሱን ደግሞ በዚያው ጥያቄ እንደገና ይጠይቁ። በከረጢቱ ላይ ሲሠራ ይህን ይመስላል።

ሦስት ሽፋን አለው። ታዲያ? አየር አይገባበትም። ታዲያ? እህሉ ውስጥ ያለው ነቀዝ በከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ አዲስ አየር ስለማይተካ ታፍኖ ይሞታል፤ አይራባምም። ታዲያ? በቆሎው አይነቅዝም። ታዲያ? የነቀዝ መድኃኒት ከእህሉ ጋር መቀላቀል አያስፈልግም፤ ክረምት ሲገባ በቤት ውስጥ የሚበላ እህል ይኖራል፤ ዋጋ እስኪወጣ ጠብቆ መሸጥም ይቻላል። ታዲያ? ገቢ ያድጋል። ታዲያ? ኑሮ ይሻሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ፣ የት መቆም እንዳለበት ባለማወቅ ነው። ጥቂት የሄደ «አየር አይገባበትም» ላይ ይቆማል፤ ይህ ገና የዕቃው ጠባይ እንጂ በገዢው ቤት የሆነ ነገር አይደለም። ብዙ የሄደ ደግሞ «ኑሮ ይሻሻላል» ላይ ይደርሳል፤ ይህ ለቆርቆሮም፣ ለቁጠባ ደብተርም፣ ለዶሮ መኖም ይሆናል። የሚፈለገው በመካከል ያለው ነው፦ ገዢው ቤቱ ገብቶ፣ ከረጢቱን ፈትቶ፣ እጁን ሰድዶ በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ነገር። በቆሎው ነቅዟል ወይስ አልነቀዘም? ዱቄት ሆኖ ይረግፋል ወይስ ሙሉ ፍሬ ነው? ይህን ማየት ይቻላል፤ «የተሻለ ኑሮ» ግን ከረጢት ውስጥ አይታይም።

100 ኪሎ የሚለውን መገለጫ በዚሁ ጥያቄ ብትከተሉት ብዙ አይሄድም። ተራው ማዳበሪያም ኩንታል ይይዛል። ገዢው ይህን ቁጥር የሚፈልገው ልግዛ ወይስ ልተው ለማለት ሳይሆን፣ ለመግዛት ከወሰነ በኋላ ስንት እንደሚበቃው ለማስላት ነው። ስለዚህ ቦታው ከታች ነው።

ከጥቅሞቹ አንዱን መምረጥ

አሁን በእጃችን ሦስት ጥቅሞች አሉ፦ እህሉ አይነቅዝም፣ መድኃኒት አያስፈልግም፣ በክረምት በውድ ይሸጣል። ሦስቱንም አርእስት ላይ መደርደር የመገለጫ ዝርዝሩን በጥቅም ዝርዝር መተካት ብቻ ነው፤ አንባቢው በዚያውም ይሰለቻል። አንዱ ብቻ ይምራ።

ምርጫው በቢሮ ተቀምጦ አይወሰንም። ገበያ በሚደምቅበት ቀን ሱቁ ውስጥ ይቀመጡና ገዢዎች የሚሉትን ቃል በቃል ይጻፉ። ከተናገሩት ይልቅ የጠየቁት ይበልጣል። አንድ አዛውንት ከረጢቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ከዚያኛው ማዳበሪያ በምን ይሻላል? ያኛው አምና በሦስተኛው ወር ዱቄት አደረገብኝ» ቢሉ፣ የአርእስቱን ጥሬ ዕቃ በነጻ ሰጥተውዎታል። ኪሳራቸውን ነገሩዎት፣ ጊዜውን ነገሩዎት፣ የሚያወዳድሩትንም ዕቃ ነገሩዎት። «ስንት ሽፋን ነው?» ብሎ የሚጀምር ገዢ ካጋጠመዎትም ይጻፉ፤ ግን እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ጥቅም በሦስት ነገር ይመዝኑ፦ ገዢዎቹ ራሳቸው ያነሱታል ወይ? ጎን ያለው ተራ ማዳበሪያ ይህንኑ ሊል ይችላል ወይ? ሻጩስ ሊያረጋግጠው ይችላል ወይ?

«በክረምት በውድ ይሽጡ» የሚለው ሲታይ ያጓጓል። በቆሎ እንደተሰበሰበ ዋጋው መውረዱ፣ ክረምት ሲቃረብ መውጣቱ የተለመደ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን የገበያ ዋጋ በከረጢት ሻጩ እጅ አይደለም፤ በእጁ የሌለውን ተስፋ ይሸጣል። በዚያ ላይ ከጥቂት ኩንታል የማያልፍ የሚያመርተው ገበሬ እህሉን የሚያቆየው ለቤቱ ነው፤ አርእስቱ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል።

«መድኃኒት አያስፈልግም» የሚለው ጠንካራ ነው፤ በተለይ እህሉን ለምታስፈጭና ለልጆች ለምታበላ እናት። ብቻውን ሲቆም ግን «ታዲያ ነቀዙን ምን ያቆመዋል?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ስለዚህ ተከታይ ይሁን።

«አይነቅዝም» ሦስቱንም ያልፋል። ሰዎች ያነሱታል፣ ተራው ማዳበሪያ ሊለው አይችልም፣ ከረጢቱም በተግባር ሊያሳየው ይችላል። ይህ ይምራ።

ይህ የምርጫ ሥራ በዕቃ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ የኮፒ ቤት «ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ባለ ቀለም ኅትመት፣ ጥራዝ፣ ላሚኔሽን» ብሎ ይጽፋል፤ ከጎኑ ያለው ኮፒ ቤትም ያንኑ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ተማሪው የሚፈራው መዘግየትን ነው። «የመመረቂያ ጽሑፍዎን ጠዋት ይስጡን፣ ከሰዓት በኋላ ተጠርዞ ይወስዱታል» የሚለው፣ ቤቱ በእርግጥ ማድረስ ከቻለ፣ ከአምስቱ የማሽን ስሞች ይልቅ ተማሪውን ያስቆመዋል።

አርእስቱን መጻፍ

መጀመሪያ የሚመጣው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፦

«የነቀዝን ጉዳት ለመከላከል የሚያስችል ከረጢት»

ጥቅሙ ገብቷል፤ ነገር ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አሁንም ከረጢቱ ነው። «ለመከላከል የሚያስችል» ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቋንቋ ነው፤ ማንም ገበሬ ለጎረቤቱ እንዲህ ብሎ አይናገርም። ቀጥሎ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፦

«ነቀዝን ለዘላለም ተሰናበቱት!»

ይህ ይጮኻል እንጂ አይነግርም። የሚሸጠው መድኃኒት ይሁን ወፍጮ አይታወቅም፤ «ለዘላለም» የሚለውንም ማንም አያምንም። እንግዲህ ነገሩን በቀጥታ እንበለው፦

«በቆሎዎ አይነቅዝም»

እዚህ መንገዱ ተስተካከለ። ባለቤቱ የገዢው በቆሎ ሆነ፤ ግሡም ሰው ሁሉ የሚናገረው ግሥ ነው። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። እስከ መቼ የሚለው አንዱ ነው። «ለረጅም ጊዜ» ብለን ብንሞላው ምንም አልጨመርንም። በቆሎው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቢሰበሰብ፣ ገበሬው በልቡ የሚያሰላው እስከ ክረምት ነው፤ «እስከ ክረምት» ብለን ብንጽፍ በራሱ ካላንደር ተናገርነው። ሁለተኛው ጉድለት ይበልጣል፦ እንዲህ በደፈናው ሲነገር እውነት አይደለም። ከረጢቱ የሚሠራው እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባ ነው። እርጥብ በቆሎ አየር በማይገባበት ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ ይሞት ይሆናል፤ እህሉ ግን ይሻግታል፣ ይሸታል። ይህን ሁኔታ ከታች በደቃቅ ፊደል መደበቅ ይቻላል፤ እኔ ግን አርእስቱ ውስጥ ማስገባት ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም በትክክል ከገባ አርእስቱን የበለጠ ተአማኒ ያደርገዋል፦

«በደንብ ያደረቁት በቆሎ እስከ ክረምት አይነቅዝም፤ መድኃኒትም አይፈልግም»

«ያደረቁት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የሻጩን ተስፋ ድንበር ያበጅለታል፤ የገበሬውንም ድካም ይቆጥርለታል። ተከታዩ ጥቅም፣ መድኃኒት አለመፈለጉ፣ በአጭሩ ከኋላ ገብቷል። አርእስቱ ከበፊቱ አላጠረም፤ ማጠር ግቡ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት አንብቦ የሄደ ሰው እንኳ ነገሩ ስለ በቆሎው መሆኑን ይዞ ይሄዳል።

መገለጫዎቹ የሚመለሱበት ቦታ

አርእስቱን ያነበበ ሰው ወዲያው «እንዴት?» ይላል። ቅድም ወደ ጎን ያቆየናቸው መገለጫዎች መልስ ሆነው የሚመጡት አሁን ነው። ከአርእስቱ ሥር አነስ ባለ ፊደል፦

«እህሉ በሁለት ወፍራም ፕላስቲኮች ተጠቅልሎ ሲታሰር አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። አንዱ ከረጢት 100 ኪሎ ይይዛል።»

«ባለ ሦስት ሽፋን» የሚለው ብቻውን ቁጥር ነበር፤ አሁን ምክንያት ሆነ። ሦስተኛው ሽፋን፣ ማዳበሪያው፣ ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል፤ ነቀዙን የሚገድለው እሱ አይደለምና። የዕቃው ስምና ዋጋ ከዚህ በታች ይሁኑ።

በጅማ ሰሌዳ በኦሮምኛና በአማርኛ መጻፉ የተለመደ ነው። ኦሮምኛውን ለሚጽፈው ሰው ያለቀውን የአማርኛ አርእስት ሳይሆን የተመረጠውን ጥቅምና የገዢዎቹን ጥያቄዎች ይስጡት፤ ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ይጻፍ።

ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አንደኛው ፍተሻ የዕቃ ልውውጥ ነው። አርእስቱን ጎን ባለው ተራ ማዳበሪያ ላይ በሐሳብዎ ይለጥፉት። አሁንም እውነት ከሆነ ጥቅሙ የዚህ ዕቃ አይደለም። የእኛው ማዳበሪያው ላይ ሲለጠፍ ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ ፍተሻውን ያልፋል።

ሁለተኛው ሰው ነው። አርእስቱን በትልቁ በወረቀት አትመው ለሥራው እንግዳ ለሆነ ሰው ለአፍታ ያሳዩትና ይደብቁት። «ምን ይሸጣሉ? ምን ያደርግልሃል?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛውን መልሶ የመጀመሪያውን ካልመለሰ አርእስቱን አይንኩት፤ የከረጢቱን ፎቶግራፍ ያሳድጉት። የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛው ከጠፋበት ግን ወደ ረቂቁ ይመለሱ። «ወደድከው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ወድጄዋለሁ ይላል።

ሦስተኛው የተስፋው ልክ ነው። በኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉ በፊት ግን የሚመጣው ክረምት ላይ የነቀዘ በቆሎ ይዞ የሚመለሰው ገዢ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁን ቁጭ አድርገው «ይህ ተስፋ የሚፈርሰው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት። እህሉ ካልደረቀ፣ አፉ ተጠምዝዞ ታጥፎ ካልታሰረ፣ አይጥ ከበሳው፣ በየሳምንቱ እየተፈታ ከተቀዳለት ይፈርሳል። እነዚህን ከረጢቱ ጋር በሚሰጥ ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። የድርቀት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ገዢ የጨው ፍተሻውንም ይጨምሩለት፦ ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው አድርጎ ከድኖ መነቅነቅ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ይሰጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲኖር አርእስቱ ያለ ፍርሃት ይሰቀላል።

ከተሰቀለ በኋላ ምን ማየት

ሽያጭ ጨመረ አልጨመረ የሚለው ብቻውን አያስተማምንም። ከረጢት የሚሸጠው በመኸር ሰሞን ስለሆነ በዚያ ጊዜ መጥፎ ባነርም የሠራ ይመስላል። የተሻለው ምልክት ሰዎች ወደ ሱቁ ሲገቡ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። በድሮው ባነር «ይህ ምንድን ነው?» ይሉ ነበር። በአዲሱ «እውነት አይነቅዝም?» ወይም «ስንት ነው?» ካሉ አርእስቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ቀሪው የሻጩ ነው። «ለባቄላስ ይሆናል?» የሚሉ ከበዙ አርእስቱ «በቆሎ» ብሎ በመለየቱ ሌሎችን ያስቀረ መሆኑን ይነግርዎታል። ያን ጊዜ «እህልዎ» ብሎ ማስፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥያቄው ካልበዛ አይቸኩሉ፤ ስሙ የተጠራ እህል ከጅምላ ስም ይልቅ ዓይን ይይዛል።

መገለጫ መቅደም ያለበት ጊዜም አለ። የሞተር ብስክሌት ጎማ የሚፈልግ ሰው የሚያነበው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ «በዝናብ አያንሸራትትም» ቢሉት ዋጋ የለውም። የቡና ላኪ ድርጅት ገዢም እርጥበቱ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን ይጠይቃል፤ ጥቅሙን ራሱ አስልቶ ያውቃል። ገዢው የሚፈልገውን በልክ ለይቶ ከመጣ ልኩን ፊት ለፊት ይስጡት።

ስለ ከረጢቱ አንድ የሚቀር ነገር አለ። ይህ አርእስት የመኸር አርእስት ነው፤ መሰቀል ያለበት በቆሎው ከመሰብሰቡ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት ላይ ነው። የካቲት ላይ የሚመጣው ገዢ ሌላ ሰው ነው፦ እህሉን በተራ ማዳበሪያ አስቀምጦ ነቀዝ አይቶበታል። ለእሱ «እስከ ክረምት አይነቅዝም» የሚለው ያለፈ ነገር ነው። ከረጢቱ በውስጡ ያለውንም ነቀዝ ይገድላል፤ የተበላውን ፍሬ ግን አይመልስም። ስለዚህ በዚያ ወር የሚሰቀለው «መንቀዝ የጀመረ በቆሎ አለዎት? የቀረውን ያትርፉ» የሚል ይሁን፤ ከሥሩም አንፍሰው፣ እንደገና አስጥተው፣ አድርቀው እንዲያስሩት ይጻፍ።